መስኮቱ የነደደበት፣ ክፍሉ ጠፍጣፋ የሆነበት ሬንደር

የደንበኛው አስተያየት አጭር ነበር። «መስኮቱ ዓይን ያጠፋል፣ ክፍሉ ደግሞ ካርቶን ይመስላል።» ሥዕሉን ብሌንደር በተባለው የ3D ሶፍትዌር የሠራው ባልደረባዬ ነው። ሳሎኑ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ አለው። መስታወቱ ወደ ውጭ ጠርዝ ተጠግቷል፤ ከፊቱ ስስ ነጭ መጋረጃ ተሰቅሏል።

ፋይሉን አብረን ከፈትነው። ክፍሉ ሲጨልምበት የሥዕሉን አጠቃላይ ድምቀት የሚወስነውን Exposure ጨምሯል፤ ያ አልበቃ ሲለው ከካሜራው ጀርባ ትልቅ መብራት አስቀምጧል። የመጀመሪያው መስኮቱን አቃጠለ። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው። ከካሜራው በኩል የሚመጣ ብርሃን ጥላውን ከዕቃው ጀርባ ስለሚጥለው አይታየንም። የሶፋውን ክንድ አየሁት፤ ወደ መስኮቱ የዞረው ጎንና ጀርባውን የሰጠው ጎን እኩል ነጭ ናቸው። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ የሚናገር ነገር አልቀረም።

«መብራቱን አጥፋውና እንየው» አልኩት። ጠፋ። ክፍሉ ጨለመ፣ ሶፋው ግን ቅርጽ አወጣ።

ቀጥሎ ወደ መጋረጃው ሄድን። እጥፋት የሌለው አንድ ዝርግ ጨርቅ ነበር፤ ያውም ከክፍሉ ግድግዳ ጋር እኩል ተሰቅሎ የመስኮቱን ጎድጓዳ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። የግድግዳው ውፍረት በመስኮቱ ግራና ቀኝ የሚፈጥራቸው ጎኖች የቀን ብርሃን ትልቁ ሀብት ናቸው፤ መስታወቱ ዘንድ ደማቅ ሆነው ወደ ክፍሉ ሲመጡ ቀስ እያሉ ይደበዝዛሉ። ከሚነደው መስኮት ወደ ጥላማው ግድግዳ ዓይንን የሚያሸጋግሩት እነሱ ናቸው። ሲሸፈኑ ነጭ አራት ማዕዘን ብቻ ይቀራል።

መጋረጃውን በአንድ በኩል ሲሶ ያህል ከፈትነው፣ እጥፋትም ሰጠነው። እጥፋቱ ላይ ጨርቁ ስለሚደራረብ ጠቆር ይላል፤ በዚያ ነው ጨርቅ መሆኑ የሚታወቀው። ማቴሪያሉን ከ Translucent BSDF እና ከ Transparent BSDF ደባለቅነው፤ የመጀመሪያው ብርሃኑን ይበትናል፣ ሁለተኛው ቀጥታ ያሳልፋል። ቀለሙ ፍጹም ነጭ ስለነበር ወደ 0.8 አወረድነው።

Exposure የመጨረሻው ሥራ ነበር። View Transform ላይ የድምቀትን መጠን በቀለም የሚያሳየውን False Color መረጥንና ገጹን አነበብነው፤ ነጭ የሆነው ተቃጥሏል፣ ግራጫው መካከለኛ ነው፣ ሰማያዊው ጨለማ። ከመስታወቱ አጠገብ ያለ ቀጭን ቦታ ብቻ ነጭ እስኪሆን ድረስ ዝቅ አደረግነው። ሁሉንም ነጭ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ቀን ላይ መስኮት ትንሽ መንደዱ የተፈጥሮ ነው። ከዚያ View Transform-ን ወደ መደበኛው የቀለም አሳያየት፣ ወደ AgX መለስነው። ሩቁ የክፍሉ ጥግ ጠቆር ብሎ ቀረ፣ አልነካነውም።

ደንበኛው በመጋረጃው በኩል ዛፎቹ እንዲታዩ ጠይቆ ስለነበር የ Transparent ድርሻውን ጨመርን። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ጨርቁ ብርሃን መበተኑን በቀነሰ ቁጥር ወለሉ ላይ ያለው የፀሐይ ጥላ እየጠነከረ ይሄዳል።