ሦስት ገጽ የነበረው ሲቪዬ እንዴት አንድ ገጽ ሆነ

ሲቪ ስንት ገጽ ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው የሥራ ማስታወቂያው ውስጥ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ የሂሳብ ሠራተኛ ፈልጎ ማስታወቂያ ባወጣ ጊዜ ነው። የሚጠይቀው በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ቢያንስ አራት ዓመት የሥራ ልምድ፣ በወጪ ሂሳብና በደመወዝ ሥራ ላይ ችሎታ፣ እንዲሁም ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ፕሮግራም መጠቀም መቻልን ነበር። መጨረሻው ላይ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ይላል። ሲቪ ከማመልከቻና ከማይመለስ የማስረጃ ኮፒ ጋር እንዲቀርብ ያዝዛል።

የእኔ ሲቪ ከተመረቅሁ ጀምሮ እየተጨመረበት ሦስት ገጽ ደርሶ ነበር። ደሴ ውስጥ በንግድ ድርጅት ገንዘብ ያዥነት፣ ቀጥሎ በዱቄት ፋብሪካ ጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛነት፣ በመጨረሻም በሆቴል የሂሳብ ሠራተኛነት፤ በአጠቃላይ የስድስት ዓመት ልምድ ነው። ከፋብሪካው አራት ጥያቄዎች ጋር ሳስተያየው ሁለት ገጽ እንኳን የሚሞላ ነገር አልነበረኝም። መለኪያዬ ይህ ነው፦ ሁለተኛው ገጽ ማስታወቂያው በጠየቀው ጉዳይ ቢያንስ እስከ ግማሹ ካልሞላ ሲቪው አንድ ገጽ ይሁን። አንድ ገጽ ሞልቶ ሦስትና አራት መስመር ወደሚቀጥለው የሚያፈስ ሲቪ ከሁሉም የከፋ ነው፤ አንባቢው ገጹን ገልብጦ የሚያገኘው የአንድ ሰው ስልክ ቁጥርና ባዶ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ይህ መለኪያ ለሁሉም አይሠራም። ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚያመለክት ሰው የምርምር ሥራዎቹን መዘርዘር አለበት። በተለያዩ ፕሮጀክቶች ላይ የሠራ የግብረ ሰናይ ድርጅት ባለሙያም የእያንዳንዱን ፕሮጀክት ሥራ ማሳየት ይጠበቅበታል። ለእነርሱ አንድ ገጽ ጎጂ ነው።

ምን ይውጣ የሚለውን ስጀምር በአንድ ፋብሪካ አስተዳደር ለረጅም ዓመታት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችንን አማከርኳቸው። ሲቪውን ከመነጽራቸው አርቀው ተመለከቱትና፣ «ልጄ፣ ዲግሪሽን ኮፒው ይነግረኛል፤ የሥራ መደብሽንና ደመወዝሽን የልምድ ደብዳቤው ይነግረኛል። ቢሮው ውስጥ ምን ስትሠሪ እንደዋልሽ ግን ካንቺ በቀር የሚነግረኝ የለም» አሉኝ። «እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይሰርዙ ነበር?» ስላቸው እርሳስ አንሥተው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ የተከተልኩት መንገድ ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው።

ሲቪውን አሳትሜ እያንዳንዱን መስመር በእርሳስ ለየሁ። ማስታወቂያው የጠየቀው ከሆነ ክብ፣ የሚያያዘው ማስረጃ የሚናገረው ከሆነ ሰረዝ፣ ሁለቱም ካልሆነ ኤክስ። ኤክስ ያለበት ያለ ክርክር ይወጣል። «የሕይወት ታሪክ» የሚል ትልቅ ርእስ ብቻ የያዘው የፊት ሽፋን ወጣ። የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ «የጤና ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ» የሚለው፣ የቀበሌና የቤት ቁጥር ወጡ። ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይልና «ደሴ» የሚለው በሁለት መስመር ተቀመጡ። «ጾታ፦ ሴት» የሚለውን ግን ተውኩት፤ ማስታወቂያው ስለሚያበረታታ እዚህ ጥቅም አለው፤ ሌላ ቦታ ሳመለክት አወጣዋለሁ። «ዓላማዬ» በሚል ርእስ ሥር የነበሩት አራት መስመሮች ለየትኛውም መሥሪያ ቤት ሊጻፉ የሚችሉ ስለነበሩ ቀሩ። ንባብና ሙዚቃ እወዳለሁ የሚለውም እንዲሁ።

የቋንቋ ሰንጠረዡን ብዙዎቻችን እንወደዋለን፤ መናገር፣ መጻፍ፣ ማንበብና ማዳመጥ እየተባለ በአራት ዓምድ የሚሠራው። የገጹን ሩብ ያህል ይበላል፤ «በጣም ጥሩ» የሚለውን ቃል ስምንት ጊዜ ከመደጋገም ሌላ የሚነግረው ነገር የለም። በእርሱ ፋንታ «አማርኛ፤ እንግሊዝኛ፣ የወር የሂሳብ ሪፖርት የማዘጋጅበት» ብዬ በአንድ መስመር ጻፍኩ። የውጭ ዜጎች በሚያስተዳድሩት ፋብሪካ ይህች መስመር ከሰንጠረዡ ይልቅ ታሳምናለች።

ሰረዝ የተደረገባቸው ማስረጃው የሚናገራቸው ናቸው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቼ ስም ከነዓመተ ምሕረቱ ወጣ፤ ዲግሪ ያለው ሰው እነዚያን ማለፉ ግልጽ ነው። ዲግሪው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የተመረቅሁበት ዓመትና ውጤቴ ግን በአንድ መስመር ቀሩ፤ ሲቪው ከኮፒው ተነጥሎ ብቻውን የሚነበብበት ጊዜ አለና። ከአጫጭር ሥልጠናዎች መካከል የፒችትሪውና የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረቡ ብቻ ቀሩ። ምስክር የሚሆኑልኝ የሦስት ሰዎች ስም፣ የሥራ ኃላፊነትና ስልክ ወደ ሌላ ወረቀት ተዛወረ። ማስታወቂያው አልጠየቃቸውም፤ በዚያ ላይ ስልካቸው በማያውቁት ሰው እጅ ሁሉ መዞር የለበትም። «ከላይ የተገለጸው ትክክል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» የሚለውም ወጣ፤ ማመልከቻው ላይ ስለምፈርም።

ይህ ሁሉ ወጥቶም ገጹ አልበቃም። የቀረው የሥራ ልምዱ ነበር፤ ትልቁ ሥራም ያለው እዚያ ነው።

በሦስቱም መሥሪያ ቤቶች ሥር የተዘረዘሩት ተግባራት ከሥራ መዘርዝር ላይ እንዳሉ የተገለበጡ ነበሩ። «የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ማዘጋጀት» ሁለት ቦታ፣ «የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ» ሁለት ቦታ ተጽፏል። በሦስቱም መጨረሻ ላይ ደግሞ «በቅርብ ኃላፊ የሚታዘዙ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን» የሚለው አለ። ይህ የመጨረሻው ሠራተኛውን ለማዘዝ የተጻፈ የአሠሪ ቃል ነው፤ በአመልካች ሲቪ ላይ ቦታ የለውም። የተደጋገመውን ተግባር በስፋት በሠራሁበት ቦታ ብቻ አንድ ጊዜ ጻፍኩት። ደመወዝ በብዛት የሠራሁት ሆቴሉ ላይ ስለነበር የዱቄት ፋብሪካው ላይ ያለው ተሰረዘ።

ከዚያ የቀሩትን እንደገና ጻፍኳቸው። «የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ማዘጋጀት» የነበረው፣ «የ64 ሠራተኞችን የወር ደመወዝ በኤክሴል አዘጋጅቻለሁ፤ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮውን አስልቼ በየወሩ አሳውቄያለሁ» ሆነ። መጀመሪያ ላይ የመዋጮውን መጠን፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ መሆኑን ጨምሬ ነበር። በኋላ አወጣሁት፤ ሲቪውን የሚያነበው የፋይናንስ ኃላፊ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እርሱ የማያውቀው የስንት ሰው ደመወዝ እንደሠራሁ ነው።

በዚህ ሁሉ መቀነስ መካከል አንድ መስመር አደገ። ዱቄት ፋብሪካው ሥር «በወጪ ሂሳብ ሥራ ማገዝ» የሚል የአራት ቃል መስመር ሌሎቹ መካከል ተሸጉጦ ነበር። ማስታወቂያው ከችሎታዎቹ ሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ግን እርሱን ነው። እንዲህ ሆነ፦ «የስንዴ ግዢን፣ የጉልበትን፣ የመብራትንና የጆንያን ወጪ በየወሩ አሰባስቤ የአንድ ኩንታል ዱቄት የማምረቻ ወጪ አስልቻለሁ፤ የመጋዘን ቆጠራውን ከመዝገብ ጋር አመሳክሬያለሁ።» ስንዴው በጨርቅ ሲተካ የልብስ ፋብሪካው ሥራም ያው ነው። ሦስት ገጽ ውስጥ ይህ አይታይም ነበር። አንድ ገጽ ውስጥ ግን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ገባ።

አንድ ነገር ላይ ግን መቀሱን መልሻለሁ፤ ቀኖች ላይ። የገንዘብ ያዥነቱ ሥራ አሁን ከምፈልገው ጋር ብዙ ስለማይገናኝ ሙሉ በሙሉ ላወጣው አስቤ ነበር። ነገር ግን መልማዩ የአራት ዓመቱን ልምድ የሚደምረው ከቀኖቹ ነው፤ ሥራው ሲወጣ ከምረቃ በኋላ ያልተገለጸ ባዶ ጊዜ ይፈጠራል። ስለዚህ ተግባራቱ ወጡ፤ መደቡ፣ የድርጅቱ ስምና ጊዜው በአንድ መስመር ቀሩ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ሥራ የቆመበትን ጊዜም አልሸፋፈንኩም፤ በሁለት ሥራዎች መካከል «በጦርነቱ ምክንያት ድርጅቱ ተዘግቶ ነበር» የምትል አጭር ሐረግ ገባች። የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ ከሌላ ቦታ የመጣ መልማይ ግን ክፍተቱን ብቻ ነው የሚያየው።

የቀን አቆጣጠሩም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የልምድ ደብዳቤዎቻችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ሲቪ ግን በአውሮፓውያን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። መስከረም 2011 እ.ኤ.አ. 2018 ላይ ሲውል ሰኔ 2013 ደግሞ 2021 ላይ ይውላል። ለሁሉም 7 የደመረ ሰው ሰኔን 2020 ያደርገዋል፤ የአንድ ዓመት ልምድ ከራሱ ላይ ይቀንሳል፤ ሲቪውና ደብዳቤውም ይጋጫሉ።

በመጨረሻ ሁለት መስመር ተርፎ ወደሚቀጥለው ገጽ ወረደ። ፊደሉን ማሳነስ ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ሆኖም ሲቪ ኮፒ ተደርጎ ኮፒው እንደገና ኮፒ ይደረጋል፤ ከ10 ነጥብ በታች የወረደ ፊደል በሦስተኛው ኮፒ ላይ ይደፈናል። እኔ በ11 ቆየሁ፤ ጠርዙንም ከ2 ሴንቲ ሜትር አላሳነስኩም። መፍትሔው የተገኘው ፒያሳ አካባቢ ባለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው። ጸሐፊዋ ፋይሉን ስትከፍት የወረቀቱ ልክ ሌተር ላይ መሆኑን አየች። ሌተር ቁመቱ 27.94 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እኛ የምናትምበት ኤ4 29.7 ነው። ልኩ ሲስተካከል ሁለቱ መስመሮች ወደ ላይ ተመለሱ። ፋይሉን በፒዲኤፍ አስቀመጠችልኝ፤ በዎርድ ሲላክ ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ያ ፊደል ከሌለ መስመሮቹ ተንሸራተው እንደገና ሁለተኛ ገጽ ይፈጥራሉና። ከመላኬ በፊት በስልኬ ከፍቼ አንድ ገጽ ብቻ መሆኑን አረጋገጥኩ።

ለጽሑፍ ፈተናና ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ስቀርብ ጠያቂዎቹ ፊት የነበረው ያችው አንድ ገጽ ነበረች፤ ከሁሉ አስቀድመው ያነሡትም የኩንታሉን የማምረቻ ወጪ ነው፤ መብራቱን በምን መሠረት ለየምርቱ እንዳከፋፈልኩ ጠየቁኝ።

ሦስት ገጹን አልጣልኩትም። ያደረግሁትን ሁሉ የምመዘግብበት ፋይል ሆኖ ኮምፒውተሬ ላይ አለ፤ አዲስ ሥራ ባመለከትኩ ቁጥር ከእርሱ ነው የምቆርጠው። ባለፈው ጊዜ ደሴ ያለ አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የሂሳብ ባለሙያ ሲፈልግ ማስታወቂያው የሦስት ምስክሮችን ስምና አመልካቹ የወሰዳቸውን ሥልጠናዎች ዝርዝር በሲቪው ውስጥ ጠይቆ ነበር። ሁለቱንም ከፋይሉ መለስኳቸው፤ ሲቪውም ሁለት ገጽ ሞላ።