«በ10 ቀን ውስጥ ለከፈለ»

ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የቀለም አከፋፋይ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ለደሴ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ 100 ባልዲ የግድግዳ ቀለም በዱቤ ሸጠ። ዋጋው 400,000 ብር፣ ቫቱ 60,000 ብር፣ ድምሩ 460,000 ብር ነበር። የዱቤው ጊዜ 30 ቀን ነው። ሂሳብ ሠራተኛዋ የደረሰኙን ፎቶ በቴሌግራም ስትልክ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች፦ «በ10 ቀን ውስጥ ለከፈለ 2 በመቶ ቅናሽ አለ።»

ጠቡን ያመጣው ይህ መስመር ነው። ደረሰኙ የተቆረጠው ሐሙስ ኅዳር 5 ነው። መልእክቱ የተላከው ቅዳሜ ኅዳር 7 ነው። መኪናው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ያራገፈው ደግሞ ሰኞ ኅዳር 9። ነጋዴው ማክሰኞ ኅዳር 17 ከሰዓት በኋላ ከሌላ ባንክ 450,800 ብር አስተላለፉ፤ ገንዘቡ አከፋፋዩ ሂሳብ ውስጥ የታየው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሠራተኛዋ ደውላ 9,200 ብር እንደሚቀር ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ መልእክትሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። ማክሰኞ አሥረኛው ቀን ነው፤ በቀኑ ልኬያለሁ» አሉ።

«ሐጂ፣ ደረሰኙ እኮ የኅዳር 5 ነው። አሥር ቀኑ እሑድ ሞልቷል።»

«እሑድ የትኛው ባንክ ሊከፍትልኝ ነው? ቀለሙስ ቢሆን በሰኞው አይደል የገባልኝ?»

ሁለቱም ያልተጻፈ ነገር አልጨመሩም፤ የተጻፈው ነው ሦስት መልስ ያለው። ከደረሰኙ ቀን ከተቆጠረ ቀነ ገደቡ ኅዳር 15 ነው፤ ዘግይተዋል። መልእክቱ ከደረሰበት ቀን ከተቆጠረ ኅዳር 17 ነው፤ ያኔ ደግሞ ጥያቄው «ከፈለ» ማለት ላከ ማለት ነው ወይስ ሂሳቡ ውስጥ ገባ ወደሚለው ይዞራል፤ ምክንያቱም የላኩት በቀኑ፣ የገባው በማግሥቱ ነው። ዕቃውን ከተረከቡበት ቀን ከተቆጠረ ኅዳር 19 ነው፤ በየትኛውም መንገድ አልዘገዩም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ቅናሹን ፈቀደ። ትክክል አድርጓል፤ አሻሚ ቃል የጻፈው ሻጩ ስለሆነ ጥርጣሬው ለገዢው መተርጎም ነበረበት።

ቀኑ ቢፈታም መጠኑ ገና አልተፈታም ነበር። ሠራተኛዋ ቅናሹን 8,000 ብር ብላ ይዛለች፤ ሐጂ 9,200 ቀንሰዋል። እሷ 2 በመቶውን ያሰላችው ቫት ከመጨመሩ በፊት ካለው 400,000 ብር ላይ ነው፤ እሳቸው ከደረሰኙ ድምር፣ ከ460,000 ላይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንዱን መምረጥ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ ዋጋው በ8,000 ብር ከቀነሰ አዲሱ ዋጋ 392,000 ብር ነው፤ የዚያ 15 በመቶ ቫት 58,800 ብር ይሆናል፤ ድምሩ 450,800 ብር፣ ማለትም ሐጂ የላኩት ብር በትክክል። የ1,200 ብሩ ልዩነት በዋጋው ላይ የተደረገ ሌላ ቅናሽ አይደለም፤ ዋጋው ሲወርድ አብሮ የወረደው ቫት ነው።

ይህ ግን ወረቀት ካልተከተለው ሻጩን ይጎዳል። የመጀመሪያው ደረሰኝ 60,000 ብር ቫት ይላል። ክሬዲት ኖት የሚባለው፣ የደረሰኙን ሂሳብ የሚቀንስ ሰነድ ሳይቆረጥ 450,800 ብር ብቻ ከተቀበለ ሻጩ ለገቢዎች የሚያስታውቀው ያንኑ 60,000 ነው፤ 1,200ው ከኪሱ ይወጣል። ገዢውም በመጀመሪያው ደረሰኝ 60,000 ብር የግብዓት ቫት ከያዙ ያልከፈሉትን ታክስ አቀናንሰዋል ማለት ነው፤ ኦዲት ሲመጣ ጥያቄው ወደ እሳቸው ነው። ስለዚህ የዋናውን ደረሰኝ ቁጥር ጠቅሶ 8,000 ብር ዋጋና 1,200 ብር ቫት የሚቀንስ ክሬዲት ኖት ተቆርጦ ደሴ ተላከ፤ በሁለቱም መዝገብ ላይ ሂሳቡ ተዘጋ።

ሻጩ ቀኑን በጥብቅ መያዝ ያለበት ለግትርነት አይደለም። 8,000 ብር የሚተወው ገንዘቡ በ30ኛው ቀን ሳይሆን በ10ኛው እንዲገባለት ነው፤ 20 ቀን ይገዛበታል። በ28ኛው ቀን ለሚገባ ብር ያንኑ ቅናሽ ከሰጠ በ8,000 ብር ሁለት ቀን ብቻ ገዛ።

ከዚያ በኋላ ሠራተኛዋ መልእክቱን የምትልከው ዕቃው ደርሶ የመረካከቢያው ሰነድ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ቀኑንም ራሷ ቆጥራ ትጽፈዋለች እንጂ ለገዢው አታስቆጥርም። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ስለሆኑ፣ ጳጉሜን መሀል ካልገባች፣ ቆጠራው ቀላል ነው። ቀነ ገደቡ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ታሳልፈዋለች። የዚያው ሽያጭ መልእክት በዚህ አኳኋን ቢጻፍ ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር፦

«ሰላም ሐጂ። ሰኞ ኅዳር 9 የተረከቡት የ100 ባልዲ ቀለም ሂሳብ ከነቫቱ 460,000 ብር ነው፤ የመጨረሻው መክፈያ ቀን ረቡዕ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.። ሙሉ ክፍያው እስከ ሐሙስ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ የባንክ ሂሳባችን ውስጥ ከገባ የሚከፍሉት 450,800 ብር ብቻ ነው። ቅናሹ ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ 2 በመቶ፣ ማለትም 8,000 ብር ሲሆን፣ ቫቱም በ1,200 ብር ይቀንሳል፤ ክፍያው በገባ በማግሥቱ ክሬዲት ኖት እንልካለን። ከዚያ ሰዓት በኋላ ለሚገባ ወይም ተከፋፍሎ ለሚከፈል ገንዘብ ቅናሽ የለም። ሲያስተላልፉ የደረሰኙን ቁጥር ምክንያት በሚለው ቦታ ያስጽፉ።»

«ሂሳባችን ውስጥ ከገባ» የሚለው ሐረግ የማስተላለፊያውን ስክሪንሾት ክርክር ይዘጋዋል፤ ከሌላ ባንክ የሚልክ ሰው ከሰዓት በኋላ የላከው በማግሥቱ ሊገባ እንደሚችል አውቆ አንድ ቀን ቀደም ይላል። «ተከፋፍሎ» የሚለው ደግሞ 300,000 ብር በቀኑ ልኮ በዚያው መጠን 2 በመቶ ለሚጠይቅ ነው። ከፊል ክፍያም ይሸለም ከተባለ ይቻላል፤ ግን መጻፍ አለበት። የደረሰኙ ቁጥር የሚያስፈልገው ሁለት ያልተከፈለ ደረሰኝ ላለበት ደንበኛ ነው፤ ቁጥር ከሌለ ሻጩ ብሩን ለአሮጌው ዕዳ ይይዘዋል፣ ገዢው ደግሞ ቅናሽ ላለው።

ገዢው ከሚከፍለው ብር ላይ ዊዝሆልዲንግ የሚባለውን ቅድመ ግብር የመቁረጥ ግዴታ ያለበት ድርጅት ሲሆን፣ ለምሳሌ ኮምቦልቻ ላሉ ፋብሪካዎች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመራል፦ «የተቆረጠው ቅድመ ግብር ደረሰኙ በዚሁ ቀነ ገደብ ከደረሰን እንደተከፈለ ይቆጠራል።» ይህ ካልተጻፈ ባንክ የሚገባው ብር ምንጊዜም ከ450,800 ስለሚያንስ «ሙሉ ክፍያ» የሚለው ቃል ራሱ አዲስ ጠብ ይሆናል። የፋብሪካው የክፍያ ክፍል በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ኅዳር 19 ከሚለው አጠገብ ኖቬምበር 28 ቀን 2024 ተብሎ ይጻፍ፤ 10 ሰዓቱም «ከሰዓት በኋላ» የሚል ይከተለው፤ አለዚያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት መስሎት የሚቸኩል ይኖራል።