ማነው ያላየው?

አዳማ ላይ የ12 ደቂቃ ፊልም ሠራሁ። ታሪኩ ቀላል ነው፦ ፍራንኮ አካባቢ የሚሠራ አንድ ባጃጅ ነጂ ከሱቅ ብር ወሰደ ተብሎ ይጠረጠራል፣ እናቱ ልታስጥለው ትመጣለች። እናትየው እዚህ ከተማ እንደሚሰማው ነው የምታወራው፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀያየረች። ቀረጻው ሦስት ቀን ፈጀ። ኤዲቲንጉም ደህና ነበር። ያቃጠለኝ የግርጌ ጽሑፉ ነው።

ስክሪፕቱ ላይ መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ቋንቋውን በየተራ ማፈራረቅ ነበር። አንድ መስመር አማርኛ፣ አንድ መስመር ኦሮምኛ። እናቲቱን የሠሩት ሴትዮ ሁለት ገጽ አንብበው «የኔ ልጅ፣ እዚህ ጋ ማንን ነው የማናግረው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸው በኑሯቸው የሚቀይሩት ሰው ሲቀየር ነው። ለባለሱቁ በአማርኛ፣ ለወንድማቸው በኦሮምኛ፣ ሲናደዱ ደግሞ ልባቸው ወዳለበት። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ንግግር በፊት «ለማን» የሚል ቃል ጻፍኩ። ግማሹ መቀያየር በራሱ ጊዜ ወደቀ።

አሁን ወደ ጉዱ። ባለሱቁ ብሬ ጠፋ ብሎ ሲጮህ እናትየው በአማርኛ «ልጄ ስኳር ሊገዛ ነው የገባው» ትለዋለች። ወዲያው ወደ ወንድሟ ዞራ ትጨርሰዋለች፦ «ቀርሺ ሰነ ሂን አርጊኔ»። ያንን ብር አላየም ማለቷ ነው። ልጇን ነው።

በምረቃው ምሽት ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን «ያንን ብር አላየሁም» ነበር። ኦሮምኛ የሚሰማው ሰው ዝም ብሎ አለፈው። ሌላው እርስ በርሱ ተያየ። ፊልሙ ሲያልቅ አንድ ልጅ መጥቶ «እናትየዋ ናት አይደል የወሰደችው?» አለኝ። የ12 ደቂቃ ልፋቴ በአንድ ፊደል ገደል ገባ።

ተርጓሚውን ለመውቀስ ቸኩዬ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ኦሮምኛውን መስመር ብቻ ለቅሜ በአንድ ወረቀት ሰጠሁት፤ ከላዩ ያለውን አማርኛ አላየም። ኦሮምኛ ደግሞ ባለፈ ጊዜ አሉታ ላይ ግሱ ሰውን አይለይም። «ሂን አርጊኔ» አላየሁምም፣ አላየህምም፣ አላየምም፣ አላየችምም ይሆናል። ማን እንደሆነ የሚነግረው ተውላጠ ስሙ ወይም ከፊት ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። የኔዋ እናት ባለቤቱን አማርኛው ውስጥ ትታው መጥታለች። አማርኛ ግን ግሱን ሲጽፍ ሰው መምረጥ ግድ ነው። ተርጓሚው የሚመርጥበት ነገር ስላልነበረው ወደ «እኔ» ሄደ። እኔም ብሆን ያንን እመርጥ ነበር።

ስለዚህ አሁን ሙሉውን ስክሪፕት እንጂ ቁራጭ አልሰጥም። በየኦሮምኛው መስመር ሥርም ትርጉሙን ራሴ እጽፋለሁ፤ «አላየም፣ ልጁ» ብዬ።

ሌላው ምክር ከተለመደው ጋር ይጋጫል። «የማይሰማውን ቋንቋ ብቻ ተርጉም» ይባላል። እኔ ግን ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ቋንቋ ከተቀየረ አማርኛውንም ጨምሬ እጽፋለሁ። ጽሑፉ ከመቀየሪያው ቦታ ሲጀምር ተመልካቹ ጆሮውን ትቶ ዓይኑን እስኪያዞር ግማሹ ያልፈዋል። አሁን ቦታው እንዲህ ነው፦

```
14
00:03:21,200 --> 00:03:24,900
ልጄ ስኳር ሊገዛ ነው የገባው፤
ያንን ብር አላየም።
```

ሰዓቱ ንግግሩ ሲጀምር ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ አማርኛ የሆነ ትዕይንት ላይ ግን ምንም አልጽፍም።

ሌላው ቋንቋ በጋደለ ፊደል ይጻፍ የሚሉም አሉ። ለግዕዝ ፊደል አይሆንም። ብዙዎቹ ፎንቶች እውነተኛ የጋደለ ቅርጽ የላቸውም፤ ማጫወቻው በጉልበት ያጋድመዋል፣ ከሩቅ ለሚያነብ ሰው ሀ እና ሁ ይምታታሉ።

በዚያ ምሽት ስህተቱን ማረም አልቻልኩም ነበር፣ ጽሑፉ ቪዲዮው ላይ ተጣብቋል። ያጣበቅሁት ደግሞ በሙከራው ቀን የአዳራሹ ማጫወቻ ፊደላችንን አራት ማዕዘን ሳጥን አድርጎ ስላሳየኝ ነው። አሁንም አጣብቃለሁ፣ ግን ያልተጣበቀውንም ቅጂ ከነፎንቱ በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ።

በመጨረሻ ለአንድ ውድድር ልኬው ነበር። ፎርሙ «የፊልሙ ቋንቋ» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ አለው። ሁለቱንም ጻፍኩ። ተደውሎ «አንዱን ይምረጡ» ተባልኩ። እናትየዋ ያልመረጠችውን እኔ ምን ብዬ ልምረጥ? አማርኛ አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።