ሦስተኛው ዓመት ከሁለተኛው በልጦ የተገኘበት ሠንጠረዥ

በኢንቨስትመንት ግምገማ ክፍል መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የማሽን ግዢ ጥናት እንዳዘጋጅ ተመደብኩ። ማሽኑ ዛሬ 36 ሚሊዮን ይከፈልበታል፤ ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመታት በየዓመቱ መጨረሻ 10 ሚሊዮን የተጣራ ገንዘብ ያስገባል ተብሎ ተገምቷል። ጥናቱን ከሌሎቹ የለየው የካፒታል ወጪው፣ ማለትም ድርጅቱ ለሚጠቀምበት ገንዘብ በዓመት የሚከፍለው ምጣኔ ነበር። ድርጅቱ በውድ ወለድ የተበደረው ከፍተኛ ብድር በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ተከፍሎ የሚያልቅ በመሆኑ፣ የግምጃ ቤት ክፍሉ የካፒታል ወጪያችን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 16 በመቶ፣ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ እንደሚሆን በጽሑፍ አሳወቀን።

የኤክሴል `NPV` ፎርሙላ የሚቀበለው አንድ ምጣኔ ብቻ ስለሆነ ሠንጠረዡን በእጄ አዋቀርኩት። በመጀመሪያው ዓምድ ዓመቱን፣ በሁለተኛው የዓመቱን ምጣኔ፣ በሦስተኛው የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚለውጠውን የዲስካውንት ማባዣ፣ በአራተኛው የገንዘብ ፍሰቱን አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ዓመት ረድፍ የጻፍኩት ፎርሙላ ይህ ነበር፦

```
C4: =1/(1+B4)^A4
```

ፎርሙላውን በአምስቱም ረድፎች ላይ ስጠቀምበት የገቢዎቹ የዛሬ ዋጋ 36.60 ሚሊዮን፣ የተጣራው የዛሬ ዋጋ ደግሞ 0.60 ሚሊዮን ትርፍ ሆኖ ወጣ። ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ከዜሮ በላይ ስለነበረ ግዢው ይጽደቅ የሚል የውሳኔ ሐሳብ አያይዤ ለፋይናንስ ኃላፊያችን አቀረብኩ።

ኃላፊያችን የመጨረሻውን ድምር አላዩም። በእርሳሳቸው የማባዣዎቹን ዓምድ ከላይ ወደ ታች እየተከተሉ ወረዱና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆሙ።

«የሁለተኛው ዓመት ማባዣ 0.7432 ነው፤ የሦስተኛው 0.7513። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሚገባ ገንዘብ ይልቅ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚገባው ዛሬ የበለጠ ዋጋ አለው እያልከኝ ነው?»

«ምጣኔው ስለቀነሰ ነው» አልኳቸው፤ የዚያን ጊዜ መልሱ በቂ መስሎኝ ነበር።

«ምጣኔው ወደ 10 ወረደ እንጂ ከዜሮ በታች አልገባም። ከሁለተኛው ዓመት አካፋይ 1.3456 ወደ ሦስተኛው ዓመት አካፋይ 1.331 ስትሄድ ሦስተኛውን ዓመት በስንት በመቶ አሻገርከው?»

ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ባካፍለው ከአንድ በታች፣ ማለትም አንድ በመቶ ገደማ የሚሆን ኪሳራ ወጣ። የግምጃ ቤት ክፍሉ ለሦስተኛው ዓመት 10 በመቶ ብሎ ሳለ፣ የእኔ ሠንጠረዥ ገንዘብ በዚያ ዓመት ጊዜ በማለፉ ዋጋ እንደሚጨምር ይናገር ነበር።

ስህተቱ የነበረው ከሥር ነው። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የሚገባ ገንዘብ ወደ ዛሬ ለመምጣት ሦስቱን ዓመታት አንድ በአንድ መሻገር አለበት፤ ሦስተኛውን ዓመት በ10 በመቶ፣ ሁለተኛውን በ16 በመቶ፣ የመጀመሪያውንም በ16 በመቶ። የእኔ ፎርሙላ ግን 10 በመቶውን ሦስት ጊዜ እያባዛ፣ ብድሩ ገና ያልተከፈለባቸውን ሁለቱን ውድ ዓመታት በርካሹ ምጣኔ አሻገራቸው። ወደፊት የሚመጣው ቅናሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፉትን ዓመታት ሁሉ አረከሰ ማለት ነው። ምጣኔው ወደፊት የሚጨምር ቢሆን ኖሮ ስህተቱ በተቃራኒው ሩቅ ያሉትን ገቢዎች ያለ አግባብ ዝቅ ያደርጋቸው ነበር። አስቸጋሪው ነገር ምጣኔው በሁሉም ዓመት እኩል ሲሆን ሁለቱም አሠራሮች አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸው ነው፤ ፎርሙላው ለብዙ ጊዜ ትክክል ሆኖ ሲያገለግለኝ የቆየው ለዚህ ነበር።

እርማቱ እያንዳንዱን ማባዣ ከቀዳሚው ማባዣ ላይ ማሠራት ነው፦

```
C2: =1/(1+B2)
C3: =C2/(1+B3)
C4: =C3/(1+B4)
```

በዚህ መንገድ ማባዣዎቹ 0.8621፣ 0.7432፣ 0.6756፣ 0.6142 እና 0.5583 ሆኑ። የአምስቱ ገቢዎች የዛሬ ዋጋ ወደ 34.53 ሚሊዮን ወረደ፤ 36 ሚሊዮኑ ሲቀነስ 1.47 ሚሊዮን ኪሳራ ሆነ። የወደቀው የአንድ ረድፍ ስሌት ብቻ አልነበረም፤ ይጽደቅ ብዬ የጻፍኩት ሐሳብ አብሮ ወደቀ።

ለትክክለኛነት ሲባል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የተጠቀምኩበት ፎርሙላ በራሱ የተሳሳተ አይደለም፤ የተሳሳተው የተሰጠኝን ቁጥር የተረጎምኩበት መንገድ ነው። አንዳንድ ሠንጠረዦች «የሦስት ዓመት ምጣኔ» ሲሉ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ያለውን ጊዜ በሙሉ የሚሸፍን ዓመታዊ ምጣኔ ማለታቸው ነው፤ የቦንድ ገበያ ምጣኔዎች ብዙ ጊዜ የሚቀርቡት እንዲህ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ቁጥር ሦስት ጊዜ ማባዛት ተገቢ ነው። የእኛ ግምጃ ቤት የሰጠው ግን «በሦስተኛው ዓመት ውስጥ የሚኖር ምጣኔ» ነበር። ሁለቱ በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ፣ ከዚያ ወዲህ ስሌት ከመጀመሬ በፊት ቁጥሩ የአንድ ዓመት ነው ወይስ ከዛሬ ጀምሮ ያለው ጠቅላላ ጊዜ ብዬ እጠይቃለሁ።

የፕሮጀክቱ የውስጥ ተመላሽ ምጣኔ፣ ማለትም የተጣራውን የዛሬ ዋጋ ዜሮ የሚያደርገው ምጣኔ፣ 12.05 በመቶ ነበር። ይህ ከ10 ይበልጣል፣ ከ16 ያንሳል፤ ከየትኛው ጋር እንደሚነጻጸር ኃላፊያችን ሲጠይቁኝ የአምስቱን ዓመታት አማካይ፣ 12.4 በመቶን፣ አቀረብኩ። አማካዩ ግዢው አያዋጣም የሚል ትክክለኛ መልስ ቢሰጥም ኪሳራውን ወደ 0.31 ሚሊዮን ያሳንሰዋል፤ ምክንያቱም ቀድመው የሚገቡት ገቢዎች የሚሻገሩት ውዶቹን ዓመታት ብቻ መሆኑን አይቶ አይለይም። ከትክክለኛው ስሌት ጋር እኩል ውጤት የሚሰጠው አንድ ወጥ ምጣኔ 13.76 በመቶ ገደማ ነው፤ እሱም የገቢዎቹ አደራደር ከተለወጠ አብሮ ይለወጣል።

ማባዣዎቹ ከተስተካከሉ በኋላ ቀደም ሲል ሠንጠረዡ የሸፈነው ሌላ ጥያቄ ወጣ። ግዢውን የጎዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሆኑ፣ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ብንጠብቅስ? ዋጋውና ዓመታዊ ገቢው ባሉበት ከቆዩ፣ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የሚጀመር ተመሳሳይ ፕሮጀክት አምስቱንም ዓመታት በ10 በመቶ ብቻ ይሻገራል፤ በዚያን ጊዜ ዋጋ 1.91 ሚሊዮን ትርፍ ያስገኛል፤ ይህም በ0.7432 ተባዝቶ ወደ ዛሬ ሲመጣ 1.42 ሚሊዮን ይሆናል። አንድ ማሽን በአንድ ዋጋ ዛሬ ሲገዛ 1.47 ሚሊዮን ያሳጣል፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲገዛ 1.42 ሚሊዮን ያስገኛል።

ጥናቱን በዚህ መልክ እንደ አዲስ ጽፌ ለኢንቨስትመንት ኮሚቴው አቀረብኩ። ኮሚቴው ግዢውን አልሰረዘውም፤ ሻጩ ዋጋውን ለሁለት ዓመት ለማጽናት ምን እንደሚጠይቅ ተጠይቆ መልሱ እንዲቀርብ አዘዘ። ለዚያ ማረጋገጫ ልንከፍል የምንችለው ጣሪያም፣ ክፍያው ዛሬ የሚፈጸም ከሆነ፣ ያው 1.42 ሚሊዮን እንደሆነ በውሳኔው ላይ ተጻፈ።