ሁለቱም ወረቀት ነጭ ወጣ፦ የበረኪና ባልዲያችንን ያስተካከልንበት መንገድ

በኃላፊነት በምመራው ወጥ ቤት ከስጋ መክተፊያዎቹና ከብረት ጠረጴዛው የተወሰደው ናሙና ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከሚፈቀደው በላይ ባክቴሪያ ተገኘበት። ውጤቱን ሳይ ለማመን ተቸገርኩ፤ ምክንያቱም ቤቱ ጠዋት ማታ በረኪና በረኪና ይሸታል። ለዓመታት እዚያ የሠሩት እናት «ልጄ፣ ሽታው ካልመጣ ጸዳ አይባልም» ይሉኝ ነበር። እኔም በዚያው አምኜ ነበር የምሠራው።

ያን ቀን በረኪና ውስጥ ያለውን ክሎሪን የሚለካ ወረቀት ይዤ ወደ ባልዲዎቹ ሄድኩ። ወረቀቱ ቀጭን ቁራጭ ነው፤ ውሃው ውስጥ ነከር አድርጎ ማውጣት፣ ከዚያ ቀለሙን ከእሽጉ ጋር ካለው ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት ነው። ክሎሪን በጨመረ ቁጥር ቀለሙ ይጠቁራል። የእኛ ሠንጠረዥ በሊትር እስከ 200 ሚሊ ግራም ይለካል፤ ብዙ ሰው ይህንኑ መጠን ፒፒኤም ይለዋል። የጠዋቱን ባልዲ ነከርኩ፤ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። ከሰዓት በኋላ የመጡት ልጆች ያዘጋጁትን ነከርኩ፤ እሱም ነጭ። የመጀመሪያ ሐሳቤ «በረኪናው ሞቷል፣ ሁለቱም ላይ ይጨመር» የሚል ነበር። ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ከባድ ስህተት እሠራ ነበር።

ያዳነኝ የጠዋቱ ባልዲ ዓይን የሚያቃጥል መሆኑ ነው። ክሎሪን የሌለው ውሃ ዓይን አያቃጥልም። ስለዚህ ከእሱ አንድ ስኒ ቀድቼ ዘጠኝ ስኒ ንጹህ ውሃ ጨመርኩበትና እንደገና ለካሁ። አሁን ወረቀቱ ጠቆረ፤ በ100 እና በ200 መካከል አረፈ። አሥር እጥፍ የቀጠነው ይህን ካሳየ፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ከ1,000 በላይ ነበር ማለት ነው። ክሎሪኑ ከመብዛቱ የተነሳ የወረቀቱን ቀለም ራሱ አንጥቶት ነበር። የከሰዓቱን ባልዲ በዚያው መንገድ ሳቀጥነው ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ እሱ በእርግጥም ባዶ ነበር።

ከዚያ ሰዎቹን ጠየቅኩ። ጠዋት የሚገቡት እናት ሰባት ሊትር በሚይዘው ባልዲ አንድ ሙሉ ብርጭቆ በረኪና ያደርጋሉ። በረኪናችን አምስት በመቶ ነው፤ ይህም በሊትር 50,000 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ብርጭቆው 200 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ስሌቱ ወደ 1,400 ይደርሳል፤ ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። የከሰዓቱ ልጅ ደግሞ እጁን ስለሚያቃጥለው አንድ የጠርሙስ ክዳን ብቻ ነበር የሚያደርገው፤ ወደ 70 ገደማ ማለት ነው። ይህ ሲዘጋጅ በቂ ነበር፤ ችግሩ የስጋ ደም የነካ ጨርቅ ሲመላለስበት ከሁለት ሰዓት በኋላ ምንም አለመቅረቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሦስቱን ሥራዎች ለይቼ ማየት የጀመርኩት። ማጽዳት ማለት ቆሻሻውንና ስቡን በሳሙና፣ በውሃና በማሸት ማንሳት ነው፤ ጀርም ለመግደል ተብሎ የሚሠራ አይደለም። ሳኒታይዝ ማድረግ ማለት በጸዳ ገጽ ላይ የቀረውን ባክቴሪያ ለምግብ በማያሰጋ ደረጃ መቀነስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለምግብ መንኪያ ገጽ የሚሸጥ ሳኒታይዘር በላብራቶሪ ሲፈተሽ ከ100,000 ባክቴሪያ 99,999ኙን በ30 ሰከንድ መግደል ይጠበቅበታል፤ ቫይረስና ፈንገስ ግን በዚህ ፈተና ውስጥ የሉም። ዲስኢንፌክት ማድረግ ከዚያ ይጠነክራል፤ ቫይረስንም ይገድላል፣ የበለጠ ኬሚካልና ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ጊዜ ይፈልጋል፣ ምግብ የሚነካው ገጽ ከሆነም በኋላ በንጹህ ውሃ መለቅለቅ አለበት።

የእኛ የጠዋት ባልዲ እንግዲህ የዲስኢንፌክት ጥንካሬ ነበረው፤ የምንጠቀምበት ግን እንደ ሳኒታይዘር፣ ሳንለቀልቅ ነበር። ሳይለቀለቅ ምግብ ለሚነካው ገጽ የክሎሪን ጣሪያው 200 ነው። የብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ትንንሽ የዝገት ነጠብጣቦች ለምን እንደወጡም ያን ቀን ገባኝ፤ «የማይዝግ» የሚባለው ብረት እንኳ ለጠንካራ ክሎሪን እጅ ይሰጣል።

ይሁንና አንድ ጥያቄ ቀረ። 1,400 የሚያህል ክሎሪን እያለ ባክቴሪያው እንዴት ተረፈ?

አጠገባቸው ቆሜ ሥራውን ተመለከትኩ። ባልዲው ውስጥ ሳሙናም ነበረበት። እናታችን ስብ የያዘውን መክተፊያ ሳያጥቡ በዚያው ጨርቅ ያብሱታል፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ያደርቁታል፣ ከዚያ ስጋ ይቀመጥበታል። ማጠብና ሳኒታይዝ ማድረግ በአንድ እንቅስቃሴ ተጠቃለው ነበር። ክሎሪን ባክቴሪያን ከስብና ከደም ለይቶ አያጠቃም፤ መጀመሪያ ባገኘው ላይ ያልቃል። ከስቡ ሥር፣ በቢላዋ ጭረት ውስጥ ያለው ጀርም ሳይነካ ይተርፋል። ማድረቂያው ጨርቅ ደግሞ ጊዜውንም ይነጥቃል፣ የራሱንም ጀርም ይመልሳል።

ጊዜውን በሰዓት መያዝ ጀመርኩ። ኬሚካሉ የሚሠራው ገጹ እርጥብ ሆኖ በሚታይበት ጊዜ ብቻ ነው። የምንጠቀምበት በረኪና መለያ በምግብ መንኪያ ገጽ ላይ አንድ ደቂቃ ይጠይቃል። በተጨመቀ ጨርቅ የታበሰው ብረት ጠረጴዛ ግን ምድጃው አጠገብ ሃያ ሰከንድ ሳይሞላው ደረቀ። መጠኑ ልክ ቢሆን እንኳ ጊዜው አይሞላም ነበር።

ያስተካከልነው በዚህ መልክ ነው። ባልዲውን አሥር ሊትር በሚይዝ ቀየርንና የአሥር ሊትሩን ልክ በማይጠፋ ቀለም አሰመርንበት። ግባችን 100 ስለነበረ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የምንፈልገውን መጠን በውሃው ሊትር አባዝቶ በበረኪናው ጥንካሬ ማካፈል፦

```
100 × 10 ÷ 50000 = 0.02 ሊትር = 20 ሚሊ ሊትር
```

ሃያ ሚሊ ሊትሩን መርፌ በሌለው ስሪንጅ እንለካለን። ብርጭቆና ክዳን ቀረ። ውሃው ቀዝቃዛም ሙቅም ሳይሆን ለብ ያለ ነው፤ ሙቅ ውሃ ክሎሪኑን ቶሎ ያተነዋል። መጀመሪያ ስንለካ ግን ወረቀቱ 50 አካባቢ ቆመ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ከደገምኩ በኋላ ጥፋቱ የበረኪናው መሆኑ ታወቀ፤ ጀሪካኑ ከምድጃው ጀርባ ለወራት ተቀምጦ ነበር። በረኪና በሙቀትና በብርሃን ይደክማል፣ መለያው ላይ ያለው አምስት በመቶ ፋብሪካውን ሲለቅ የነበረው ነው። አዲስ ስንከፍት ወረቀቱ 100 አሳየ። ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፣ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበታል። ሽታ የተጨመረበት በረኪና ለዚህ ሥራ አንገዛም። ኮምጣጤም ሆነ ሌላ አሲድ በረኪና አጠገብ አናደርስም፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የሥራው ቅደም ተከተል ተለየ። መክተፊያው መጀመሪያ ይፋቃል፣ በሳሙና ይታሻል፣ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ 100 ባለው ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተነክሮ አንድ ደቂቃ ይቆያል፣ በጎኑ ቆሞ በራሱ ይደርቃል። ጠረጴዛው ሊነከር ስለማይችል ከታጠበና ከተለቀለቀ በኋላ ውሃው በብዛት ይፈስበታል፤ ደቂቃው ሳይሞላ ደረቅ ብሎ ከታየ ይደገማል። መሃል ላይ ያለውን ልቅለቃ ሰዎች እንደ ትርፍ ሥራ ነበር ያዩት። እኔ ግን አጥብቄ ያዝኩት፤ የሚቀር የሳሙናና የቆሻሻ ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል።

ባልዲውን በየሰዓቱ መለካት ያስተማረን ነገር ደግሞ ያልጠበቅኩት ነበር። የአትክልቱ ጠረጴዛ ባልዲ ፈረቃውን ሙሉ ከ50 በላይ ይቆያል። የስጋው ባልዲ ግን ከተዘጋጀ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ከ50 በታች ይወርዳል። ስለዚህ «በየአራት ሰዓቱ ይቀየር» የሚለውን የድሮ ደንባችንን ተውነው፤ ወረቀቱ 50 ከነካ ወይም ውሃው ከደፈረሰ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ይደፋል። በላዩ በረኪና መጨመር ከለከልን፤ የደፈረሰ ውሃ ላይ ስንት እንደተጨመረና ስንት እንደቀረ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ወረቀቱ ነጭ ከወጣም መጀመሪያ በአሥር እጥፍ አቅጥኖ መለካት ግዴታ ሆነ።

ቀጣዩ ናሙና ሲመጣ ጠረጴዛው ተስተካክሏል፤ ሁለት መክተፊያዎች ግን አሁንም ከፍ ያለ ባክቴሪያ ነበረባቸው። ሁለቱንም በጥፍሬ ዳሰስኳቸው፤ ጭረታቸው ጥፍር ያስገባል። በዚያ ጥልቀት ብሩሽ አይደርስም፣ ብሩሽ ያልደረሰበት ደግሞ አልጸዳም፣ ያልጸዳ ገጽ ሳኒታይዝ አይሆንም። ውሃውን ማጠንከርም ምንም አይጠቅመንም ነበር። ጣልናቸው፤ በአዲስ ከተተኩ በኋላ የመጣው ናሙና ደህና ነበር።

ጠንካራውን ውሃ ሙሉ በሙሉ አልተውነውም፣ ቦታውን ለየንለት። አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ ታሞ ማዘጋጃ ጠረጴዛው አጠገብ አስመለሰው። ትውከት ኖሮቫይረስ የሚባል፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል ቫይረስ ሊኖርበት ይችላል፤ ለእሱ 100 አይበቃውም፣ ከ1,000 እስከ 5,000 ያስፈልጋል። ሠራተኛው ወደ ቤቱ ተላከ፣ በአካባቢው ተከፍቶ የነበረው ምግብ ተጣለ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ጓንት አድርገን ትውከቱን በሚጣል ወረቀት አነሳን፣ ቦታውን በሳሙና አጠብን፣ ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ 40 ሚሊ ሊትር በረኪና አድርገን 2,000 ያህል አዘጋጀንና ወለሉንም ጠረጴዛውንም አምስት ደቂቃ እርጥብ አቆየናቸው። ወለሉ በዚያ አበቃ። ጠረጴዛው ግን በንጹህ ውሃ ሁለት ጊዜ ተለቅልቆ፣ እንደገና በ100 አንድ ደቂቃ ቆይቶ፣ በራሱ እስኪደርቅ ድረስ ምንም ምግብ አልተቀመጠበትም። በዚያ ቀን ስሪንጁን ይዘው የለኩት እኒያው እናት ነበሩ።