አንድ አዲስ ዓመት፣ ሁለት እኩለ ሌሊት

ቲኬቱን ደጋግሜ አየሁት። መነሻ አፒያ፣ ጃንዋሪ 1 ከቀኑ 10 ሰዓት። መድረሻ ፓጎ ፓጎ፣ ዲሴምበር 31 ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ። ስህተት የለበትም። ዛሬ ተነስቼ ትናንት እደርሳለሁ።

አፒያ የነጻዋ ሳሞአ ዋና ከተማ ናት። ፓጎ ፓጎ ደግሞ በአሜሪካ ሥር ባለችው ሳሞአ ውስጥ ነው ያለችው። (ሲጻፍ እንዲህ ይሁን እንጂ አገሬው የሚጠራት ፓንጎ ፓንጎ እያለ ነው።) በመካከላቸው ያለው ርቀት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ ዝምድናውም ወዲያና ወዲህ የተሳሰረ ነው። ግን ዓለም አቀፉ የቀን መስመር በመሃላቸው ያልፋል።

የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት አፒያ ላይ ተቀብዬ ነበር። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን ለንደን ገና ዲሴምበር 31 ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ኒውዚላንድ ከእኛ እኩል ገባች። የቀደመችን የኪሪባቲዋ ደሴት ኪሪቲማቲ ናት፤ አዲሱን ዓመት ከተቀበለች አንድ ሰዓት ሆኗታል። ስሟ በአገሬው አነጋገር ኪሪስማስ ነው፤ ገና ማለት ነው። ገናም ሲመጣ ቀድማ የምትቀበለው እሷ መሆኗ ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምድር በ24 ሰዓት አንዴ ስለምትዞር እኩለ ሌሊት በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። በዓሉም አብሮት ይሄዳል። ይህ ጉዞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቦታ ያስፈልገዋል። ባይኖር ኖሮ፣ ወደ ምዕራብ እየሄደ በየሰዓት ቀጠናው ሰዓቱን አንድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው ዓለምን ዞሮ ሲመጣ ከጎረቤቱ በአንድ ቀን ይለያይ ነበር። ሒሳቡ የሚስተካከለው መስመሩ ላይ ነው። ወደ ምዕራብ ሲሻገሩት አንድ ቀን ይዘለላል። ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩት ያው ቀን ይደገማል። እኔ የምበረው ወደ ምሥራቅ ነበር።

መስመሩን ግን በውል ያሰመረው የለም። እያንዳንዱ አገር የራሱን ሰዓት ይመርጣል፤ መስመሩም ካርታ ላይ ያንን እየተከተለ ይጠማዘዛል። ሳሞአ እንኳ ሁለቴ ተገለባብጣለች። እ.ኤ.አ. በ1892 ወደ አሜሪካ ወገን ስትዞር ጁላይ 4 ለሁለት ቀን ዋለ። በ2011 ደግሞ ተመለሰች። ምክንያቱ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ያላት ንግድ ነው። ያኔ እሷ አርብ ሥራ ላይ ስትሆን እነሱ ዘንድ ቅዳሜ ነበር። እሷ እሑድ ስታርፍ እነሱ ሰኞን ጀምረው ነበር። በሳምንት አብረው የሚሠሩት አራት ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ዲሴምበር 29 እኩለ ሌሊት ላይ ሲያበቃ በቀጥታ ቅዳሜ ዲሴምበር 31 ገባ። አርብ ዲሴምበር 30 በዚያች አገር አልነበረም። በአሜሪካ ሥር ያለችው ሳሞአ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ፓጎ ፓጎ ወዳሉት ልጆቻቸው እየሄዱ ነበር። ጠዋት ደውለው እንኳን አደረሳችሁ ሲሏቸው፣ «እማዬ፣ ገና ነው፣ ድረሽልን» አሏቸው። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው በራ።

ስንወርድ የእጅ ሰዓቴን ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየሁ። ደቂቃ እንኳ አይለያዩም። በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለው ልዩነት ልክ 24 ሰዓት ስለሆነ ቆጣሪዎቹን መንካት አያስፈልግም። የሚለየው በትንሿ መስኮት የሚታየው ቀን ብቻ ነው። የእኔ 1 ይላል፤ 31 መሆን አለበት። የእኔ ሰዓት ቀን የሚቀይረው ወደ ፊት ብቻ ነው። ቁልፏን እየጠመዘዝኩ ሠላሳ ቀን ወደ ፊት ሄድኩና ትናንት ላይ ደረስኩ።

ማረፊያዬ ጋ ግን ችግር ጠበቀኝ። ክፍሉን የያዝኩት ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነበር፤ የምነሳበትን ቀን አይቼ። እዚያ ደግሞ ያ ቀን ገና ነገ ነው። ለዚያች ሌሊት ሌላ ክፍል እስኪገኝ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። በዚህ መስመር የሚሄድ ሰው ክፍል የሚይዘው ቲኬቱ ላይ ባለው የመድረሻ ቀን ነው። ሲመለስ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተነስቶ የሚደርሰው ጃንዋሪ 2 ስለሆነ፣ አፒያ ላይ ለጃንዋሪ 1 ሌሊት ክፍል ቢይዝ በከንቱ ይከፍላል።

እኩለ ሌሊት ሲሆን ወደብ ላይ ቆሜ ነበር። ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ አዲሱ ዓመት በመጨረሻ ከሚደርስባቸው አንዱ ይህ ነው፤ ኪሪቲማቲ ከተቀበለችው 25 ሰዓት ሆኗታል። ርችቱ ሲተኮስ አፒያ ለተዋወቅሁት ሰው መልእክት ላክሁለት፤ «እንኳን አደረሰህ» አልኩት። ወዲያው መለሰ፦ «አንተንም። እዚህ በዓሉ አሁን አለቀ።»