ፈታሽ ሁለት

ከባንኩ ስለቅ የተሰጠኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የስድስት ዓመት ሥራዬን በሁለት ቃል ነበር የጨረሰው፦ «ፈታሽ ሁለት»። ለውስጥ ሰው ግልጽ ነው። አንዱ ሰነዱን ያዘጋጃል፣ ሌላው ይፈትሻል፤ «ሁለት» ደግሞ የደመወዝ ደረጃ ነው። አንድ መስመር ማብራሪያ እንዲጨመርልኝ ብለምን «መደቡ ብቻ ነው የሚጻፈው» ተባልኩ። ይህን የነገሩኝ ሰውዬ የራሳቸው መደብ በራቸው ላይ ሦስት መስመር ይዞ ተለጥፏል።

ደብዳቤውን ይዤ ለገሃር አካባቢ የሕክምና ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በአዘኔታ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ በር ላይ ሴቶቹን ነበር የምትፈትሺው?»

ጎናቸው የተቀመጠችው የሰው ኃይል ኃላፊ ሳቋን በወረቀት ሸፈነች። የበር ፍተሻን ንቄ አይደለም፤ እዚያ የሚቆሙት ሴቶች ከእኔ ይልቅ ብርድ ይመታቸዋል። ግን ፊቴ ጋለ። «የለም፣ የላኪ ሰነዶች ከኤል ሲው ጋር መጣጣማቸውን አረጋግጣለሁ» አልኩ። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማስታወሻቸው ላይ ግን ምንም አልጻፉም። መልሴ ከመደቡ የተሻለ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ስለዚህ ስለ ጆንያ ነገርኳቸው።

አንድ ላኪ 320 ጆንያ ቡና ጭኗል፤ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ የተጣራ ክብደቱ 19,200 ኪሎ። ሰነዶቹ ሰንጋ ተራ የሚገኘው ጠረጴዛዬ ላይ የደረሱት ቡናው መርከብ ላይ ከወጣ በ20ኛው ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ኤል ሲው፣ ማለትም የገዥው ባንክ ሰነዱ ከተሟላ እከፍላለሁ ብሎ የሰጠው የጽሑፍ ቃል፣ ሌላ ካላለ ሰነድ ማቅረቢያው 21 ቀን ነው፤ ስለዚህ የቀረን ነገ ብቻ ነው። አዘጋጁ «ተሟልቷል» ብሎ ፈርሟል። የመርከቡ የጭነት ሰነድ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ፣ ጠቅላላ ክብደቱ ከነጆንያው 19,424 ኪሎ ይላል፤ የዕቃው ዝርዝር፣ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ፣ 19,244። አንዱ ጋ ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጠዋል።

አለቃዬ ትከሻዬ ላይ ቆመው አዩት። «ትንሽ ናት፣ አሳልፊው» አሉኝ።

አላሳለፍኩም። ባሕር ማዶ ያለው ባንክ ሰነዱን መርምሮ ለመቀበል ወይም ለመመለስ አምስት የባንክ የሥራ ቀን አለው። ሰነዶች እርስ በርስ ከተቃረኑ የመክፈል ግዴታ አይኖርበትም፤ ጉዳዩ በገዥው ፈቃድ ላይ ይወድቃል። የቡና ዋጋ በወረደ ሰሞን ደግሞ ገዥው ይቺኑ ቁጥር ይዞ ቅናሽ ይጠይቃል። ቡናው በመርከብ ላይ ነው፤ ላኪው ምን አማራጭ አለው?

«ታዲያ የትኛው ቁጥር ነበር ስህተቱ?» አሉ ሰብሳቢው፤ ብዕራቸውን አንስተዋል።

ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። የተሳሳተው ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ቢሆን ኖሮ እርማቱ የመርከብ ወኪሉን ማኅተም ይፈልጋል፤ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። ፓኪንግ ሊስቱን ግን ላኪው ራሱ ነው የሚያወጣው። እኔም ባዶውን ጆንያ አሰላሁ። 19,424 ላይ 19,200 ሲቀነስ 224 ኪሎ ይተርፋል፤ ለ320 ሲካፈል አንዱ ጆንያ 700 ግራም ይመዝናል። በ19,244 ቢሆን ግን አንዱ ጆንያ 140 ግራም እንኳ አይሞላም። ከቃጫ የተሠራ የቡና ጆንያ ያን ያህል ሊቀል አይችልም፤ ከወረቀት ካልተሰፋ በቀር። ስለዚህ ስህተቱ የላኪው ነው። ቢሮው ሜክሲኮ አካባቢ ስለነበር ደወልኩለት፤ የታረመውን ፓኪንግ ሊስት ይዞ ከ11 ሰዓት በፊት በእግሩ መጣ። ፈረምኩ። ከእኔ ቀጥሎ አለቃዬም ፈረሙ፤ ዓመታዊው ሪፖርት ላይ «በአለቃው ቅርብ ክትትል» ተብሎ የገባው ይኸው ነው።

ሰብሳቢው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «አለቃሽ አሳልፊው ብለውሽ እምቢ የማለት ሥልጣን ነበረሽ?»

«ያለ እኔ ፊርማ አይወጣም» አልኩ። ይህንን ጻፉት። ስድስት ዓመት ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ የማደርገውን እንጂ የማስቆመውን ነግሬ አላውቅም ነበር።

ሥራውን አገኘሁ። አዲሱ መደቤ «አስተባባሪ አራት» ይባላል፤ ማንን እንደማስተባብር እኔም ገና አላወቅኩም። በዚያ ሰሞን እናቴ የቀድሞ ሥራዬ በትክክል ምን እንደነበር ጠየቀችኝና ከተሳካልኝ ብዬ ለሰብሳቢው የነገርኩትን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አጫወትኳት። በጥሞና አዳመጠችኝ። በማግስቱ ቡና ላይ ለጎረቤታችን ስታስረዳ ሰማኋት፦

«አይ፣ ፈታሽ እንኳ አልነበረችም። ባዶ ጆንያ ነበር የምትመዝነው።»